ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፦ ለጣሊያን ሆቴል የሚጻፍ አጭር መልእክት

ለጣሊያን ሆቴል «አምሽቼ ስለምደርስ ጠብቁኝ» ብሎ መጻፍ ቀላል ሥራ ይመስላል። ቃላቱ ከመዝገበ ቃላት ይገኛሉ፤ ጨዋነቱም ቢሆን እርስዎና አንቱ እየተባባለ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚጻፍ እንዲህ ያለ መልእክት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሰዓቱና ቀኑ ላይ ነው። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ይነሣል፤ የእነሱ ከእኩለ ሌሊት። ስለዚህ ሰዋስው ያልጎደለው፣ ትሕትናው የተሟላ መልእክት የሆቴሉን ሰው ባልተባለ ሌሊት ሊያስጠብቀው፣ ጸሐፊውን ደግሞ በተዘጋ በር ፊት ሊያቆመው ይችላል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ የምትኖር፣ ጫማ የምታመርትበት ትንሽ ወርክሾፕ ያላት ነጋዴ እናስብ። ሚላኖ አጠገብ ባለችው በሮ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪና ሴፕቴምበር፣ ሊኔአፔሌ የሚባል የቆዳ ንግድ ትርኢት ይካሄዳል። እሷም ቆዳ፣ ሶልና የጫማ ዕቃዎች ለማየት ትሄዳለች። በትርኢት ሰሞን የሚላኖ ሆቴሎች ዋጋቸው ስለሚንር፣ በከተማዋ ዋና ባቡር ጣቢያ በቼንትራሌ አቅራቢያ ባለ አንድ ትንሽ ባለሦስት ኮከብ ሆቴል ሦስት ሌሊት ይዛለች። ትኬቷም ርካሹ ነው፤ ከሸንገን ውጭ ባለ አገር አውሮፕላን አስቀይሮ፣ ሰኞ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025፣ በእኛ መስከረም 12 ቀን 2018፣ በ22:10 ማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ ያሳርፋታል። ሆቴሉ የላከላት ማረጋገጫ እንግዳ የሚቀበለው ከ14:00 እስከ 22:00 መሆኑን ይናገራል። አውሮፕላኗ መሬት ስትነካ የእንግዳ መቀበያው ከተዘጋ አሥር ደቂቃ አልፎታል ማለት ነው።

በሩ ወዲያ ያለው ሰው

ጥያቄውን በአግባቡ ለመጻፍ፣ የምሽት እንግዳ ለትንሽ ሆቴል ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ትልልቅ ሆቴሎች ሌሊቱን በሙሉ የሚቀመጥ ሠራተኛ አላቸው፤ ለእነሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጣ እንግዳ የዘወትር ነገር ነው። ስምንትና አሥር ክፍል ያለው ሆቴል፣ ወይም አንድ ቤተሰብ ከመኖሪያው ሁለት ክፍል የሚያከራይበት ቤት፣ ይህ የለውም። ቀን ቁርስ ያቀረበው፣ ክፍል ያስጠረገው ሰው ራሱ ነው ማታ ቁልፍ የሚያስረክበው። ስለዚህ «አመሻለሁ» የሚለው ቃል እሱ ዘንድ «ከእንቅልፍህ ላይ ስንት ሰዓት ልውሰድ?» የሚል ጥያቄ ነው።

«ቁልፉን አበባ ማስቀመጫው ሥር ተውልኝ» ማለትም እዚያ እንደዚህ ቀላል አይደለም። በጣሊያን ሕግ፣ በፈረንጆቹ ከ1931 ጀምሮ ባለው የሕዝብ ጸጥታ ሕግ አንቀጽ 109 መሠረት፣ ማንኛውም እንግዳ ተቀባይ የሚያሳድረውን ሰው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አይቶ፣ ዝርዝሩን እንግዳው ከደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ዛሬ ይህ የሚፈጸመው ፖሊስ በከፈተው የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ኅዳር 2017፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ የእንግዳው ፊት ከሰነዱ ጋር መመሳከር እንዳለበት፣ የፓስፖርት ፎቶ በስልክ መቀበልና የበር ኮድ መላክ ብቻውን እንደማይበቃ አሳስቧል። መመሪያው ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ክርክር አስነሥቷል፤ ሆቴሎቹ ግን የሚጠነቀቁበትን ምክንያት ያሳያል። አስተናጋጁ ሰው ማቆም የሚፈልገው ጨዋታ ወድዶ ሳይሆን ፓስፖርቱን ማየት ስላለበት ነው።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ሳያሳውቅ የቀረ እንግዳ፣ መቀበያው ሲዘጋ «ያልመጣ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ከሆነ እንደ ቦታ ማስያዣው ውል የመጀመሪያዋ ሌሊት ዋጋ ከካርዱ ይቆረጣል፤ ጥብቅ በሆነ ውል ደግሞ የሙሉው ቆይታ ዋጋ ይሄዳል፣ የቀሩት ሌሊቶችም ለሌላ ሰው ይሸጣሉ። በትርኢት ሰሞን፣ ክፍል በጠፋበት ሳምንት፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ቀድሞ የተላከ መልእክት ከሁሉ በፊት የሚያደርገው ይህን ምዝገባ ማስቀረት ነው፤ ሰውየው እንደምትመጣ አውቋልና።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጽ ነው። የሆቴሉ ሰው ከመልእክቱ የሚፈልገው ማን እንደሆነች፣ በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት በሩ ላይ እንደምትቆም፣ ብትዘገይ እንዴት እንደሚያገኛት ነው። ጨዋነቱም የሚለካው በእነዚህ ትክክለኛነት ነው። አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ ሰዓቱን ያልተናገረ ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠብቅ ፈርዶበታል።

የበሩ ሰዓት

ነጋዴዋ ትኬቷ ላይ ያለውን 22:10 ገልብጣ ብትልክ ስሕተት ትሠራለች። ያ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ የሆቴሉ ሰው የሚፈልገው እሷ ደወሉን የምትጫንበትን ነው። በመካከል ያለውን እንደምር። ከኢትዮጵያ የመጣ መንገደኛ በፓስፖርት ቁጥጥር በኩል ያልፋል፤ ሰልፉና ሻንጣ መጠበቁ ተደምሮ አንድ ሰዓት መያዝ ብልህነት ነው። ይህ 23:10 ያደርሳል። ማልፔንሳ ከሚላኖ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ባቡሩ እስከ ቼንትራሌ 50 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ጣቢያ ላይ ለመጠበቅ 15 ደቂቃ ብንጨምር 00:15 ይሆናል። ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ ሻንጣ እየጎተቱ ሩብ ሰዓት። የበሩ ሰዓት እንግዲህ 00:30 ነው። በሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ልዩነት፣ ከምሽት እንግድነት ወደ ሌሊት እንግድነት ተሸጋግራለች።

ቀጥሎ ሰዓቱን መጻፍ ይመጣል። 00:30 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ነጋዴዋ ለቤተሰቧ ስትናገር «ስድስት ተኩል ላይ እገባለሁ» ትላለች፤ ትክክል ናት። ያው ቁጥር ወደ ጣሊያንኛው መልእክት ከገባ ግን፣ ሚላኖ ያለው ሰው 6:30ን የሚያነበው ንጋት ላይ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 12፡30። እሱ «ማለዳ ትመጣለች» ብሎ በጊዜ ይተኛል፤ እሷ ከስድስት ሰዓት በፊት በሩ ላይ ቆማለች። ክፋቱ ደግሞ ስሕተቱ ራሱን አለማጋለጡ ነው። 6:30 ሊሆን የሚችል ሰዓት ስለሆነ ተቀባዩ አይጠራጠርም፤ «እሺ፣ እንጠብቅሻለን» ብሎ ይመልሳል፤ እሷም ጉዳዩ አለቀ ብላ ታምናለች።

መከላከያው አንድ ነው፦ ሰዓቱ ከትኬቱ ላይ ተነሥቶ በዚያው በ24 ሰዓቱ አጻጻፍ ይደመር እንጂ በመካከል ወደ አማርኛ ሰዓት አይመለስ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው፤ የአገር ለአገር የሰዓት ልዩነትም አይጨመርበትም። ጣሊያን በክረምቷ ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋዋ 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ይህ የሚያስፈልገው ከኮልፌ ሆና ስልክ ልትደውል ስትፈልግ እንጂ መድረሻ ሰዓቷን ስትጽፍ አይደለም። ጣሊያኖች በጽሑፍ 22:10፣ 00:30 ብለው ስለሚጽፉ ከቀትር በፊትና በኋላ የሚለዩ የእንግሊዝኛ ምልክቶችም አያስፈልጉም።

የሌሊቱ ቀን

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ የበለጠ ተንኮለኛ የሆነው ቀኑ ይቀራል። በጣሊያን አቆጣጠር 00:30 ሲሆን ሰኞ 22 አልቆ ማክሰኞ 23 ገብቷል። ነጋዴዋ ይህን አስባ «ሆቴል የምደርሰው 23 ነውና ከ23 ጀምሬ ልያዝ» ብትል፣ ሒሳቧ ትክክል ሆኖ ሳለ ሜዳ ላይ ታድራለች። የሆቴል ሌሊት የሚቆጠረው በጀመረበት ቀን ነው፤ የ22 ሌሊት ከሰኞ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ማክሰኞ ጠዋት ያልቃል። በ23 የተያዘ ክፍል የሚከፈተው ማክሰኞ 14:00 ላይ ነው፤ ማለትም እሷ በሩ ላይ ከቆመች ከአሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ።

ተቃራኒውም አለ። ክፍሉን በትክክል ከ22 ይዛ፣ መልእክቱ ላይ ግን «ማክሰኞ 23 በ00:30 እደርሳለሁ» ብላ ብትጽፍ፣ ሁለት ዓይነት ንባብ ይፈጠራል። ጥንቁቅ አንባቢ በትክክል ይረዳታል። የደከመው ግን «ማክሰኞ ማታ ነው» ብሎ ሰኞን ያልፈዋል፤ ወይም የመጀመሪያዋን ሌሊት እንደማትፈልጋት ይቆጥራል። «ሰኞ 22 በ00:30» ብትል ደግሞ ይብሳል፤ ያ በጣሊያን አቆጣጠር እሑድ አልፎ ሰኞ ሲገባ ያለው ሌሊት ነው። አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ ይጠብቃታል።

አማርኛ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለው። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ስንል የትኛውን ሌሊት እንደሆነ የሚከራከረን የለም። ጣሊያንኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ሌሊቱን በሁለቱ ቀኖች መካከል አስቀምጦ «በሰኞና በማክሰኞ መካከል ባለው ሌሊት» ይላል። የቀኖቹን ስም ከቁጥራቸው ጋር አብሮ መጻፉም ሌላ ዋስትና ነው። ነጋዴዋ መስከረም 12ን ወደ ሴፕቴምበር 22 ስትመልስ በአንድ ቀን ብትስት፣ «ሰኞ 23» የሚለው አለመግባባት ተቀባዩን ያነቃውና ይጠይቃታል። ቁጥሩ ብቻ ቢጻፍ ግን ስሕተቱን የሚያሳይ ነገር አይኖርም።

ቪዛም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሸንገን ቪዛ ሲጠየቅ የሆቴል ማስያዣ ይቀርባል፤ የመግቢያው ቀን የሚቆጠረው ደግሞ የፓስፖርት ቁጥጥሩን በምታልፍበት ሰዓት ነው። እሷ ድንበር የምታልፈው ሰኞ 22 በ23:00 አካባቢ ነውና፣ ክፍሉም ቪዛውም ከ22 መጀመር አለባቸው።

መልእክቱ

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ መልእክቱ ራሱ አጭር ነው። በቅንፍ ያለው በጸሐፊዋ የሚሞላ ነው።

```
Oggetto: Arrivo dopo mezzanotte, prenotazione n. [numero]

Buongiorno,
ho prenotato una camera singola per tre notti,
da lunedì 22 a giovedì 25 settembre,
a nome di [nome e cognome].

Il mio volo atterra a Malpensa lunedì 22 alle 22:10.
Dovrei arrivare in albergo verso le 00:30,
nella notte tra lunedì 22 e martedì 23.

Sarebbe possibile fare il check-in a quell'ora?
Se è previsto un supplemento, potrebbe indicarmi l'importo?

Il mio numero WhatsApp è +251 [numero].
In caso di ritardo La avviserò subito.

La ringrazio e Le porgo cordiali saluti,
[nome e cognome]
```

የመልእክቱ ርእስ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ መድረስ» ብሎ የማስያዣውን ቁጥር ይይዛል፤ ሰውየው ሳይከፍተውም ጉዳዩን ያውቃል። ቀጥሎ ሰላምታ፣ ክፍሉ፣ ሌሊቶቹና ስሙ። ከዚያ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሰዓት፣ ሆቴል የምትደርስበት ሰዓት፣ ሌሊቱ። ከዚያ ሁለት ጥያቄዎች፦ በዚያ ሰዓት መግባት ይቻል ይሆን? ተጨማሪ ክፍያ ካለ መጠኑን ሊነግሩኝ ይችላሉ? በመጨረሻ ስልኩ፣ ብትዘገይ እንደምታሳውቅ፣ ምስጋና። ቅደም ተከተሉ ተቀባዩ ከሚሠራው ሥራ ጋር ይሄዳል፤ መጀመሪያ ማስያዣውን ይፈልጋል፣ ከዚያ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ ይወስናል።

የማረፊያ ሰዓቱንም የበሩንም አብሮ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። የሆቴሉ ሰው ከማልፔንሳ እስከ ቤቱ ስንት እንደሚወስድ ከእሷ የተሻለ ያውቃል። ሒሳቧ ጠባብ ከሆነ ራሱ ያርመዋል፤ አውሮፕላኑ መዘግየቱንም ከማረፊያው ሰሌዳ ማየት ይችላል። የበረራ ቁጥሩ ከታወቀ እዚያው መስመር ላይ ቢጨመር ይረዳዋል።

ስሙ እንደ ፓስፖርቱ መጻፍ አለበት። ጣሊያን የሚያውቀው የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ነው፤ የፖሊሱ መዝገብም ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃል። የእኛ የአባትና የአያት ስም በዚያ ሥርዓት የቤተሰብ ስም ተብሎ ስለሚገባ፣ ነጋዴዋ ባልለመደችው መጠሪያ፣ በአባቷ ወይም በአያቷ ስም «ሲኞራ» ተብላ ብትጠራ መደንገጥ የለባትም። ማስያዣው በራስና በአባት ስም፣ ፓስፖርቱ በሦስት ስም፣ መልእክቱ በቁልምጫ ስም ከሆነ ግን፣ ከሌሊቱ 6፡30 ላይ የደከመ ሰው ሦስቱን ማገናኘት ይኖርበታል። ስልኩም እንዲሁ ነው፤ ከ+251 በኋላ የመጀመሪያዋ ዜሮ ትወጣለች፤ ዜሮዋ ሳትወጣ ከተጻፈች ቁጥሩ ከውጭ ላይሠራ ይችላል።

ጨዋነቱ የት ላይ ነው?

አማርኛ ተናጋሪ ጣሊያንኛ ሲጽፍ የሚሰናከልባቸው የአክብሮት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን የሚታዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሰላምታው ነው። እኛ «ቻው» ከጣሊያን ወርሰን ለትልቁም ለትንሹም እንሰነባበትበታለን። ባለቤቶቹ ግን የሚሉት ለሚያውቁት፣ አንተ ለሚሉት ሰው ነው፤ ሲገናኙም ሲለያዩም። ለማያውቁት የሆቴል ባለቤት በጽሑፍ «ቻኦ» ብሎ መጀመር፣ አንድ አዛውንትን «አንተዬ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። «ቦንጆርኖ» ለሁሉ ይሆናል፤ ምሽት ላይ ከሆነ «ቦናሴራ»። ከዚያ በላይ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ መጠየቅ አይጠበቅም፤ በአንድ ቃል ሰላም ብሎ ወደ ጉዳዩ መግባት እዚያ ነውር የለውም።

ሁለተኛው የአክብሮት ተውላጠ ስም ነው። እኛ «እርስዎ» ስንል ግሡ እንደ ብዙ ቁጥር ይሆናል፦ ይችላሉ፣ ይነግሩኛል። ጣሊያንኛ «ሌይ» ሲል ግን ግሡን በነጠላ ሦስተኛ መደብ ያደርገዋል፤ ወንድንም ሴትንም ሲያከብር እንደ «እሷ» አድርጎ ነው የሚያናግረው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ በልማዱ ወደ ብዙ ቁጥሩ፣ ወደ «ቮይ» ይሳባል። ሆቴሉን በድርጅትነቱ፣ «እናንተ» ብሎ ለማነጋገር «ቮይ» ስሕተት አይደለም፤ ብዙ ጣሊያኖችም እንዲህ ይጽፋሉ። ለአንድ ሰው የአክብሮት መጠሪያ ሲሆን ግን የራሱ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 1938፣ እዚህ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ የፋሺስቱ መንግሥት «ሌይ»ን አግዶ በምትኩ «ቮይ» እንዲባል አዝዞ ነበር። አገዛዙ ሲወድቅ ትእዛዙም አብሮ ወደቀ፤ ዛሬ «ቮይ» ለአንድ ሰው የሚነገረው በተለይ በደቡብ ጣሊያን ነው። መልእክቱን በእርግጥ የሚያበላሸው መቀላቀል ነው፤ አንዱን መስመር በ«ሌይ»፣ ሌላውን በ«አንተ» መጻፍ። አንድ መርጦ እስከ ፊርማው መዝለቅ ነው። ከላይ ያለው መልእክት ከ«ሌይ» አይወጣም።

ሦስተኛው የግሡ ቅርጽ ነው። «እባክዎ» የሚለውን ቃል መደራረብ ጣሊያንኛውን የበለጠ ትሑት አያደርገውም። ትሕትናውን የሚሸከመው «ይቻል ይሆን?» የሚል ስሜት ያለው የግሥ ቅርጽ ነው፤ በመልእክቱ ውስጥ «ሳሬቤ ፖሲቢሌ» እና «ፖትሬቤ» ይህን ይሠራሉ። «ዶቭሬይ አሪቫሬ» የሚለውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ «እንደ አካሄዴ ከሆነ እደርሳለሁ» እንደ ማለት፣ አውሮፕላን ሊዘገይ እንደሚችል ለሁለቱም ቦታ ይተዋል። ያንኑ ነገር «በ00:30 እደርሳለሁ፣ ክፍሉን አዘጋጁ» በሚል ቅርጽ መጻፍ ሰዋስዉ ሳይጎድል ትእዛዝ ይሆናል።

ይቅርታውም ልክ አለው። ነጋዴዋ ገና አልዘገየችም፤ ቀድማ እየጠየቀች ነው። ስለዚህ «ኢን ሪታርዶ» የሚለውን አገላለጽ ለመጀመሪያው መልእክት መጠቀም አይገባም፤ ይህ ከተነጋገሩበት ሰዓት ማለፍ ነው። መምሸቱን ለመናገር ሰዓቱ ራሱ ይበቃል። የክፍያውን ጥያቄ ራሷ ማንሣቷ ግን ከይቅርታ ይበልጣል። ብዙ ትንንሽ ሆቴሎች ለሌሊት አቀባበል ጥቂት አሥር ዩሮ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ለመናገር ያፍራሉ፣ ሲደርሱ ብቻ ያነሡታል። ቀድሞ መጠየቅ አስተናጋጁን ከእፍረት፣ እንግዳዋን ከድንገተኛ ወጪ ያድናል። ሰውየው ሌሊቱ ዋጋ እንዳለው እንደገባትም ይረዳል።

መልሱን ማንበብ

ትኬቱ እንደተቆረጠ መልእክቱ መሄድ አለበት፤ ሆቴሉ «አይሆንም» ካለ ያለ ቅጣት ለመሰረዝ ጊዜ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው። መልስ አለመምጣት እሺታ አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ጠብቆ ስልክ መደወል፣ ወይም ያንኑ መልእክት በድጋሚ መላክ ተገቢ ነው።

መልሱ ሲመጣ የሚፈለገው አራት ነገር ነው፦ ሌሊቱ፣ ሰዓቱ፣ ዋጋው፣ አገባቡ። «ኔሱን ፕሮብሌማ» ማለትም «ችግር የለም» ደስ ያሰኛል፤ ብቻውን ሲቆም ግን ሰውየው ሰዓቱን በትክክል አንብቦት እንደሆነ አያሳይም። «በሰኞና በማክሰኞ መካከል ባለው ሌሊት 00:30 ላይ እንጠብቅዎታለን» ብሎ የእሷን ቁጥር መልሶ ከጻፈ ግን ተግባብተዋል። «ፖርቲዬሬ ኖቱርኖ» የሚል ቃል ካለበት የሌሊት ዘበኛ ወይም ተቀባይ አለ ማለት ነውና ሥጋት የለም። «ሱፕሌሜንቶ» ቀጥሎም ቁጥር ካለ ተጨማሪው ክፍያ ነው፤ «ኢን ኮንታንቲ» ከተባለ በጥሬ ገንዘብ። ይህ በብዙ የጣሊያን ከተሞች እንግዳ ሁሉ በአዳር ከሚከፍለው የከተማ ግብር የተለየ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተደምረው ሲጠየቁ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

«ቺቶፎኖ» የሚል ካየች ሰውየው በር ላይ ስለሚደወለው የግድግዳ ስልክ እየነገራት ነው። በሚላኖ ትንሽ ሆቴል አንዳንድ ጊዜ በመኖሪያ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው፤ የውጭው በር ሌሊት ይዘጋል፣ ደወሉ ላይም የሆቴሉ ስም ሳይሆን የባለቤቱ ስም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የትኛውን ስም መጫን እንዳለባት ቀድማ ካላወቀች፣ ሰውየው ነቅቶ እየጠበቃት ውጭ ልትቆም ትችላለች። «ኮዲቼ» ከተባለ የበር ኮድ ይላክላታል፤ ያን ጊዜ ኮዱን ወረቀት ላይ መገልበጥ ይሻላል፤ የስልኳ ባትሪ ከኮልፌ ከወጣች ጀምሮ ሳይሞላ ቆይቶ ይሆናል። ምላሹ «መቀበያው 22:00 ላይ ይዘጋል» ብቻ ከሆነ ደግሞ ያ በትሕትና የተነገረ «አይቻልም» ነው፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ማልፔንሳ አካባቢ አድሮ ማክሰኞ ጠዋት መግባት ይሻላል። ይህን ስትወስን ግን ለመጀመሪያው ሆቴል መጻፍ አለባት፤ አለዚያ «ያልመጣች» ተብላ ሦስቱም ሌሊት ሊሰረዝባት ይችላል።

በጉዞው ዋዜማ አንድ መስመር መላክ ያስፈልጋል፤ ከሳምንታት በፊት የተስማማው ሰው በዚያ ሌሊት ተረኛ ላይሆን ይችላል። አውሮፕላኑ ቢዘገይ ደግሞ ማልፔንሳ በነፃው ዋይፋይ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
Buonasera, il volo è in ritardo di 50 minuti.
Arriverò verso le 01:20. Mi scusi per il disagio.
```

አሁን «ኢን ሪታርዶ» ቦታውን አግኝቷል፤ ይቅርታውም እንዲሁ፤ የተቀጠረው ሰዓት በእርግጥ ሊያልፍ ነውና። ሌሊቱንና ማስያዣውን እንደገና መዘርዘር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው መልእክት ይህን ጨርሶታል። የሆቴሉ ሰው የሚፈልገው አዲሱን ሰዓት ብቻ ነው፤ 01:20፣ በእኛ ከሌሊቱ 7፡20። እሷም ለቤተሰቧ በዚያው ስልክ የምትጽፈው ይህንኑ ሁለተኛውን ቁጥር ይሆናል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ለሁለቱ ተቀባዮች ሳታቀያይር መላክ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጥንቃቄ ይፈልጋል።